የዋትሳፕና የቴሌግራም ሥዕልና ድምፅ በማጽጃ መተግበሪያ እንዳይጠፋ ስለ መጠበቅ

የስልክ ማከማቻ ሊሞላ ሲቃረብ በገጹ ላይ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ከመፍትሔው ጋራ አብሮ ይመጣል፤ ይኸውም ስልኩን አጽዳልኝ የሚያሰኝ አንድ ቁልፍ ነው። ያን ቁልፍ የተጫነ ሰው ወዲያው ጥቂት ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያገኛል፤ ነገር ግን ከብዙ ወራት በኋላ ወደ አንድ አሮጌ የዋትሳፕ ውይይት ተመልሶ የሟች አባቱን የድምፅ መልእክት ሊያዳምጥ ወይም የአንድ ክፍያ ደረሰኝ ሊመለከት ሲሻ፣ ጽሑፉን በቦታው፣ ሥዕሉን ግን ደብዝዞ፣ ድምፁንም አልከፈት ብሎ ያገኘዋል። የጥፋቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ተሰውሮ የሚቀረው፣ ጥፋቱ በተፈጸመበትና በታወቀበት ቀን መካከል ያለው ዘመን ረዥም ስለሆነና ቁልፉን የተጫነው ሰው ራሱ ያን ዕለት ምን እንዳደረገ ፈጽሞ ስለማያስታውሰው ነው።

ይህ መመሪያ ስለ አንድሮይድ ስልክ፣ በተለይም በላዩ ስላሉት ስለ ዋትሳፕና ስለ ቴሌግራም ይናገራል። ነገሩ በባዶ ቃል እንዳይቀር የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊን ምሳሌ እናድርግ። ስልካቸው 64 ጊጋባይት የሚይዝ ነው እንበል፤ መቶ ያህል አባላት ወርኃዊ መዋጯቸውን በባንክ ወይም በቴሌብር ከከፈሉ በኋላ የደረሰኙን ሥዕል በዕድሩ የዋትሳፕ ቡድን ይልኩላቸዋል፤ እርሳቸውም በዚያው ስልክ በዱባይ ከምትኖር ልጃቸው ጋራ የድምፅ መልእክት ይለዋወጣሉ። ስልኩ ከሞላ ሰንብቷል፤ ጸሐፊው ማጽዳት አለባቸው፤ ነገር ግን በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ በሚመረመርበት ጊዜ ደረሰኞቹን ማቅረብ ግዴታቸው ነው። እርስዎም በእርሳቸው ስፍራ ሆነው የሚከተሉትን ስድስት ተግባሮች በቅደም ተከተል ይፈጽሙ።

አንደኛ፤ ንብረቱ የት እንደሚያድር ይወቁ

ሁለቱ መተግበሪያዎች በመልክ ቢመሳሰሉም በአጠባበቃቸው እጅግ ይለያያሉ፤ የሚከተለውም ጥንቃቄ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው። ዋትሳፕ የተላከልዎትን ሥዕል ወይም ድምፅ በሰርቨሩ ላይ ለዘለቄታው አያኖርም፤ ወደ ስልክዎ ካደረሰው በኋላ ጸንቶ የሚቀረው ቅጂ በእርስዎና በላኪው ስልክ ላይ ያለው ነው። ከዚህም በላይ ዋትሳፕ የውይይቱን ጽሑፍና የውይይቱን ሥዕል በአንድ ስፍራ አያስቀምጥም፤ ጽሑፉ በምሥጢር በተቆለፈ መዝገብ ውስጥ ሲገባ፣ ሥዕሉ፣ ቪዲዮው፣ ድምፁና ሰነዱ ግን እያንዳንዱ የተለየ ፋይል ሆኖ በሚከተለው ማኅደር ይቀመጣል፤

```
Android/media/com.whatsapp/WhatsApp/Media
```

እንግዲህ ከውጭ የመጣ ማጽጃ መተግበሪያ ወደዚህ ማኅደር ሲገባ የሚያየው ስምና መጠን ያላቸውን ፋይሎች እንጂ ውይይቱን አይደለም። ማጽጃው ማንበብ ሳይችል የመዛግብትን ቤት እንዲጠርግ የተቀጠረ ሰውን ይመስላል፤ ብራናውን ከቁራጭ ወረቀት የሚለየው በተጻፈበት ቃል ሳይሆን በላዩ ባረፈው አቧራ ብዛት ነውና፣ አሮጌ የሆነውን ሁሉ ቆሻሻ አድርጎ ይቈጥረዋል። በውይይቱ ውስጥ አንድን መልእክት በኮከብ ምልክት ለይተው ያኖሩት እንደሆነም፣ ኮከቡ የተጻፈው በተቆለፈው መዝገብ ውስጥ ስለሆነ ፋይሉን ከማጽጃው እጅ አያድነውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የቴሌግራም ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነው። በተራ ውይይት፣ በቡድንና በቻናል የሚላከው ሁሉ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ በስልክዎ ላይ ያለው ለጊዜው የወረደ ቅጂ ስለሆነ ቢሰረዝ እንደገና ይወርዳል፤ የሚጐዳዎት የኢንተርኔት ወጪው ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ሕግ ሁለት ልዩነቶች አሉት። «Secret Chat» በሚባለው ምሥጢራዊ ውይይት የተላለፈው ነገር በሰርቨር አይቀመጥም፤ ከስልኩ ከጠፋ ጠፋ። ደግሞም በሁለት ሰዎች ውይይት ውስጥ አንደኛው ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ዘንድ ሊሰርዝ፣ የቻናል ባለቤትም ቻናሉን ሊዘጋ ስለሚችል፣ በሰርቨር ላይ አለ ብለው የተዉት ነገር በሌላ ሰው ፈቃድ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛ፤ መጥረጊያው በማን እጅ እንዳለ ይመርምሩ

ማጽጃ መተግበሪያ ማለት ከፕሌይ ስቶር የሚወርደው ብቻ አይደለም። በቴክኖ፣ በኢንፊኒክስና በአይቴል ስልኮች ላይ «Phone Master» የሚባለው ከፋብሪካው ተጭኖ ይመጣል፤ ሻኦሚና ሳምሰንግም የየራሳቸው ማጽጃ አላቸው፤ በብዙ ስልክ ላይ ደግሞ «Files by Google» ይገኛል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የዋትሳፕን ማጽጃ ለብቻው ለይተው፣ የተቀበሉትን ሥዕል፣ የላኩትን ሥዕል፣ የድምፅ መልእክቱንና ሰነዱን በየክፍሉ ከነመጠኑ ያሳያሉ። አደጋው ያለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚመርጠውን ምልክት በመጫን ላይ ነው።

ስለዚህ በስልክዎ «Settings» ውስጥ ገብተው «Apps»፣ ከዚያም «Special app access»፣ ከዚያም «All files access» የሚለውን ይክፈቱ፤ የቃሉ አቀማመጥ ከስልክ ስልክ ጥቂት ስለሚለያይ፣ ካላገኙት በቅንብሩ አናት ባለው መፈለጊያ «All files access» ብለው ይጻፉ። በዚያ የሚታየው ዝርዝር የስልኩን ፋይሎች ሁሉ ለማየትና ለመሰረዝ ሥልጣን የተሰጣቸውን መተግበሪያዎች ያሳያል። ይህ ዝርዝር ለዋትሳፕ ብርቱ ትርጉም ያለው ስለ ምን ቢሉ፣ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ይህን ፈቃድ የያዘ መተግበሪያ እንኳ «Android/data» ወደሚባለው ማኅደር መግባት የተከለከለ ሲሆን፣ የዋትሳፕ ሥዕልና ድምፅ ያለበት «Android/media» ግን ለእርሱ ክፍት ሆኖ ስለ ቀረ ነው። ፋይል ለመክፈትና ለመቅዳት ከሚጠቀሙበት በቀር፣ የማጽጃ፣ የባትሪ ቆጣቢና የስልክ ማፍጠኛ መተግበሪያዎችን ፈቃድ ሁሉ ይዝጉ፤ ከፕሌይ ስቶር ያወረዱትንና የማይፈልጉትንም ከነጭራሹ ያስወግዱ።

ከፋብሪካው የመጣውን ማጽጃ ግን ብዙ ጊዜ ማስወገድም ፈቃዱን መንሣትም አይቻልም። እንዲህ ሲሆን መተግበሪያውን ራሱን ከፍተው ወደ ውስጥ ቅንብሩ ይግቡ፤ በየጊዜው ራሱ እንዲያጸዳ የሚያዝ መስመር ካለ ይዝጉት፤ ለማጽዳት የሚገፋፋውንም ማስታወቂያ ያስቁሙ። ማስታወቂያውን ማስቆም ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ስልኩን ልጆችም ስለሚይዙት፣ ሳይታሰብ የሚጫነው ቁልፍ የሚመጣው በዚያው ማስታወቂያ በኩል ነው።

ሦስተኛ፤ በመተግበሪያዎቹ ውስጥ ያለውን የጊዜ ገደብ ይመልከቱ

ከውጭ ያለው ማጽጃ ከታሰረ በኋላ፣ በውይይት መተግበሪያው ውስጥ ያለው ቀጠሮ ይመረመራል። በዋትሳፕ ዘንድ ይህ «Disappearing messages» ይባላል፤ የጊዜ ገደቡም 24 ሰዓት፣ 7 ቀን ወይም 90 ቀን ነው። በቅንብሩ «Privacy» በሚለው ክፍል «Default message timer» የሚለው ክፍት ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የሚጀምሩት አዲስ ውይይት ሁሉ በዚሁ ገደብ ይጀመራል፤ ስለዚህ «Off» መሆኑን ያረጋግጡ። ይህም ብቻ አይበቃም፤ ገደቡ በእያንዳንዱ ውይይት ለየብቻ ሊደረግ ስለሚችል፣ ደረሰኝ የሚላክበትን ቡድን ስም ተጭነው ያው መስመር ምን እንደሚል ይዩ። በቡድን ውስጥ ደግሞ ሥልጣኑ ለአስተዳዳሪዎች ብቻ ካልተወሰነ በቀር ማንኛውም አባል ገደቡን ሊለውጠው ይችላልና፣ የዕድሩ ጸሐፊ በቡድኑ ቅንብር ይህን ሥልጣን ለአስተዳዳሪዎች ብቻ ማድረግ ይገባቸዋል።

በቴሌግራም ዘንድ በስም የሚቀራረቡ፣ በፍሬ ነገር ግን ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ቅንብሮች አሉ። የመጀመሪያው «Data and Storage» ከሚለው ክፍል በ«Storage Usage» ውስጥ የሚገኘው ሲሆን፣ ወደ ስልክ የወረዱት ቅጂዎች ከስንት ቀን በኋላ ከስልኩ እንዲወገዱ፣ ለግል ውይይት፣ ለቡድንና ለቻናል ለየብቻ ያዛል። ይህ ከሰርቨሩ ምንም ስለማይነካ ቦታ ለማግኘት በደኅና ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ለቻናል አንድ ሳምንት፣ ለግል ውይይት ደግሞ ለዘወትር እንዲቆይ ማድረግ መልካም ነው። ሁለተኛው ግን «Privacy and Security» በሚለው ክፍል ያለው «Auto-Delete Messages» ነው፤ ይህ መልእክቱን ራሱን ከሰርቨርም፣ ከእርስዎም፣ ከተነጋገሩት ሰው ዘንድም ይደመስሳል። የመጀመሪያውን ክፍት፣ ሁለተኛውን ዝግ አድርገው ይተዉ።

በዚያው ክፍል መጨረሻ አካባቢ፣ ባለቤቱ ለተወሰነ ወራት ቴሌግራምን ሳይከፍት ከቀረ አካውንቱ ከነመልእክቱ ሁሉ እንዲጠፋ የሚያዝ መስመር አለ። የሟች ወላጅን ወይም ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ስልክ የለወጠ ዘመድን አካውንት እንደ መታሰቢያ የሚጠብቅ ሰው፣ ይህን ገደብ እስከ መጨረሻው ማራዘምና ከገደቡ በፊት ደጋግሞ መግባት አለበት።

  

አራተኛ፤ የማይተካውን አስቀድመው ያውጡ

አሁን መጥረጊያው ታስሯል፤ ይሁን እንጂ ስልኩ ሊወድቅ ወይም ሊሰረቅ ስለሚችል፣ ከማጽዳት በፊት የማይተካውን ነገር ከስልኩ ውጭ ማኖር ይገባል። ለዚህ የፋይሎቹን ስም ማንበብ መቻል ብዙ ድካም ያስቀራል። በዋትሳፕ ማኅደር የሚገኝ ሥዕልና የድምፅ መልእክት የሚከተለውን የመሰለ ስም አለው፤

```
IMG-20230412-WA0003.jpg
PTT-20230412-WA0005.opus
```

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች ዓይነቱን፣ መካከለኛው ቁጥር ቀኑን፣ የመጨረሻው ደግሞ በዚያ ቀን ያለውን ተራ ያመለክታሉ። ቀኑ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነውና፣ ይህ ቁጥር በእኛ ዘንድ ሚያዝያ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ይሆናል። የዕድሩ ጸሐፊ የሚያዝያ 2015ን ደረሰኞች ለመሰብሰብ ቢፈልጉ፣ ከ20230409 እስከ 20230508 ያሉትን ሥዕሎች ለይተው ማውጣት አለባቸው ማለት ነው። ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተር ጋራ አገናኝተው «WhatsApp Images» የሚለውን ማኅደር በስም ተራ ቢያሰልፉት፣ የአንድ ወር ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ስፍራ ተከታትሎ ይመጣላቸዋል፤ በመካከሉ የገባውን የሰላምታና የበዓል ሥዕል ትተው የቀረውን በወሩ ስም በተሰየመ ማኅደር ይገለብጣሉ።

የድምፅ መልእክት ግን ሌላ ችግር አለው፤ ስሙ ቀኑን እንጂ የተናጋሪውን ማንነት አይናገርም፤ «WhatsApp Voice Notes» በሚለው ማኅደር ውስጥ የልጅዎ ድምፅና የእርስዎ ድምፅ፣ የዘመድና የሻጭ ድምፅ በየሳምንቱ በተከፋፈሉ ንዑስ ማኅደሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ። ስለዚህ ድምፅን ከማኅደሩ ከመገልበጥ ይልቅ ከውይይቱ ማውጣት ይሻላል። ውይይቱን ይክፈቱ፤ በላይኛው ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው «More»፣ ከዚያም «Export chat» ይበሉ፤ ሥዕልና ድምፁ ይካተት እንደሆነ ሲጠይቅዎት «Include media» ብለው ይመልሱ። ከዚህ የሚወጣው አንድ የጽሑፍ ፋይልና የተያያዙት ፋይሎች ናቸው፤ የጽሑፉም ፋይል በየመስመሩ ቀኑን፣ የላኪውን ስምና የተያያዘውን ፋይል ስም አብሮ ስለሚጽፍ፣ የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ ከሃያ ዓመት በኋላም በማያሻማ ሁኔታ ይታወቃል። ውይይቱ እጅግ ረዥም ከሆነ የሚወጣው የቅርብ ጊዜው ክፍል ብቻ ነውና፣ የጽሑፉን ፋይል ከፍተው የመጀመሪያው መስመር ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ይመልከቱ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ድምፅ እየነኩ፣ ማጋሪያውን ተጠቅመው አንድ በአንድ ያውጡ።

የተገለበጠው ነገር በሁለት ስፍራ ይኑር፤ አንዱ በኮምፒውተር ወይም በፍላሽ፣ ሌላው በጉግል ድራይቭ ወይም በቴሌግራም «Saved Messages» ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ጉግል ፎቶስ ግን ለዚህ ብቻውን አይበቃም፤ ድምፅንና ሰነድን አይቀበልም፤ የዋትሳፕንም ሥዕል የሚያስቀምጠው የዋትሳፕ ማኅደር በምትኬው ዝርዝር ውስጥ በእጅ ሲመረጥ ነው። በመጨረሻም ከተገለበጠው ውስጥ ጥቂቱን፣ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው መርጠው፣ ስልኩን ከነቀሉ በኋላ በኮምፒውተሩ ይክፈቱ። ድምፁ «opus» የሚባለው ዓይነት ስለሆነ አንዳንድ ማጫወቻ ባይከፍተው አይደንግጡ፤ «VLC» ይከፍተዋል።

አምስተኛ፤ በገዛ እጅዎ ያጽዱ

ወደ ማጽዳቱ ስንመጣ፣ ቦታ የሚይዘውና ዋጋ ያለው ነገር አንድ እንዳልሆነ በቁጥር ማየት ይበጃል። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከመቶ ኪሎባይት እምብዛም አይርቅም፤ ስለዚህ ጸሐፊው ከልጃቸው ጋራ የተለዋወጡት ሁለት ሺህ የድምፅ መልእክት ቢሆን እንኳ በጠቅላላው ከሩብ ጊጋባይት ገደማ አያልፍም። የደረሰኙም ሥዕል እያንዳንዱ መቶ ኪሎባይት ገደማ ቢመዝን፣ መቶ አባላት በአሥራ ሁለት ወር የሚልኩት 1,200 ሥዕል የሚይዘው 120 ሜጋባይት ነው። በአንጻሩ ከቡድን ወደ ቡድን ሲተላለፍ የሚመጣ አንድ ቪዲዮ ብቻውን ከአሥር ሜጋባይት በላይ ሊመዝን ይችላል፤ አሥራ ሁለቱ ቪዲዮ የዓመቱን ደረሰኝ ሁሉ ያህላል ማለት ነው። እንግዲህ ማጽጃው የጸሐፊውን ድምፅና ደረሰኝ ሁሉ ቢደመስስ የሚያተርፍላቸው ከግማሽ ጊጋባይት ያነሰ ቦታ ነው፤ ቪዲዮውን ብቻ ቢያስወግዱ ግን ብዙ ጊጋባይት ያገኛሉ።

ስለዚህ በዋትሳፕ «Settings» ውስጥ «Storage and data»፣ ከዚያም «Manage storage» የሚለውን ይክፈቱ። በላይ በኩል ብዙ ጊዜ የተላለፉትንና ከ5 ሜጋባይት በላይ የሆኑትን ለብቻ ያሳይዎታል፤ ከታች ደግሞ ውይይቶቹን በመጠናቸው ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። ከትልልቆቹ ይጀምሩ፤ ቪዲዮዎቹን እያዩ ይምረጡና ይሰርዙ። በዚህ መንገድ የሚሰርዙት ነገር የየትኛው ውይይት እንደሆነ ስለሚታይ፣ የሚጠፋው ነገር በዕውቀት ይጠፋል። የዕድሩንና የልጅዎን ውይይት አይንኩ፤ የሠፈሩ የዜናና የቀልድ ቡድኖች ብቻቸውን በቂ ቦታ ይለቁልዎታል።

ከማጽጃ መተግበሪያ የሚመጣውን አንድ ሌላ ምክር ግን አይቀበሉ፤ ይኸውም ተመሳሳይ ፋይሎችን አንድ አንድ እያስቀሩ ሌላውን ማጥፋት ነው። አንድ ደረሰኝ በቡድኑም ለብቻዎም ተልኮልዎት ከሆነ፣ ሁለቱ ቅጂዎች በሁለት ውይይት የታሰሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማጽጃው ከሁለቱ አንዱን ሲያስወግድ፣ በዚያ ቅጂ የታሰረው ውይይት ባዶ ይቀራል፤ የትኛው እንደሚቀርም እርስዎ አይመርጡም።

ማከማቻው ወዲያው ተመልሶ እንዳይሞላ በ«Storage and data» ውስጥ «Media auto-download» የሚለውን ከፍተው ቪዲዮ ራሱ እንዳይወርድ ያድርጉ። ሥዕልን ግን በራሱ እንዲወርድ ይተዉት፤ ያልወረደ ሥዕል በዋትሳፕ ሰርቨር ላይ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ደረሰኙን በኋላ አወርደዋለሁ ብሎ የሚያዘገይ ጸሐፊ ማጽጃ ሳይኖርም ደረሰኙን ሊያጣ ይችላል።

ስድስተኛ፤ ጠፍቶ ቢያገኙት የሚያደርጉት

ሥዕሉ ደብዝዞ ሲነኩት ፋይሉ በስልኩ ላይ የለም የሚል ቃል ቢወጣ፣ መልእክቱ ሳይሰረዝ ፋይሉ ብቻ ተወግዷል ማለት ነውና የማጽጃ ሥራ መሆኑን ይጠርጥሩ። መልእክቱም ራሱ ከሌለ ግን ምክንያቱ የጊዜ ገደብ ወይም የሰው እጅ ነው። በሁለቱም መንገድ የመጀመሪያው ሥራ መፈለግ ሳይሆን ምትኬውን ማስቆም ነው። ዋትሳፕ ወደ ጉግል የሚልከው ምትኬ በየጊዜው አዲሱ አሮጌውን እየተካ ስለሚሄድና ወደ ቀድሞው መመለስ ስለማይቻል፣ ዛሬ የጐደለውን የያዘ ምትኬ ዛሬ ሌሊት ሲላክ ትናንት የነበረውን ሙሉ ምትኬ ያጠፋዋል። በ«Chats» ቅንብር «Chat backup» ውስጥ ገብተው ራሱ የሚልከውን ቀጠሮ ወዲያው «Off» ያድርጉ።

ቀጥለው የቆሻሻ መጣያዎቹን ይመልከቱ። «Files by Google» የሰረዙትን 30 ቀን ያቆያል፤ በጉግል ፎቶስ ምትኬ የነበረው ሥዕል ከተሰረዘ 60 ቀን በመጣያው ይቆያል፤ የስልኩ ጋለሪም ብዙ ጊዜ የራሱ መጣያ አለው። ብዙዎቹ ሌሎች ማጽጃዎች ግን መጣያ የላቸውም፤ የሰረዙት ወዲያው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ዋትሳፕን በኮምፒውተር ከከፈቱ በዚያ ያለውን ውይይት ይመልከቱ፤ እዚያ የወረደ ቅጂ ሊገኝ ይችላልና።

ይህ ካልተሳካ ላኪውን ይጠይቁ። ይህ ከመንገዶች ሁሉ ቀላሉና ብዙ ጊዜ የሚሳካው ነው፤ የላኪው ስልክ ካልጸዳ ፋይሉ በእርሱ ዘንድ አለ፤ በቡድን የተላከም ከሆነ ከአባላቱ በአንዱ ስልክ ላይ መገኘቱ አይቀርም። የዕድሩ ጸሐፊ የጐደሉባቸውን ደረሰኞች ቀን ለይተው፣ በየቀኑ ማን እንደላከ ከውይይቱ ጽሑፍ ላይ አንብበው፣ አባሉ በድጋሚ እንዲልክ ቢጠይቁ ከጥቂቱ በቀር ሁሉንም ማግኘት ይችላሉ።

ከምትኬ መመለስ የመጨረሻው መንገድ ይሁን፤ ምክንያቱም ዋትሳፕን አስወግዶ እንደገና መጫንን ስለሚጠይቅና ከምትኬው ቀን ወዲህ የመጣው መልእክት ሊጠፋ ስለሚችል ነው። ወደዚያ ከመሄድዎ በፊት በምትኬው ገጽ ላይ የተጻፈው ቀን ጽዳቱ ከተደረገበት ቀን የሚቀድም መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቪዲዮ በምትኬው የሚካተተው ሲፈቀድ ብቻ መሆኑንም ያስታውሱ፤ መላውን የዋትሳፕ ማኅደርም አስቀድመው ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። የጠፋ ፋይል እንመልሳለን ለሚሉ መተግበሪያዎች ግን በቀላሉ አይመኑ፤ በዘመኑ ስልክ ላይ የተሰረዘ ፋይል መልሶ ለማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት ትንንሽና ደብዛዛ ሥዕል ብቻ ነው፤ ለዚያም አስቀድመው የዘጉትን የፋይሎች ሁሉ ፈቃድ መልሰው ይጠይቃሉ።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ጥበቃው በሁለት ልማድ ይጸናል። አንደኛው በየወሩ መጨረሻ፣ የወሩን መዋጮ ሒሳብ በሚዘጉበት ቀን፣ የወሩን ደረሰኝና ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ማውጣት ነው። ሁለተኛው የስልኩ ሶፍትዌር በታደሰ ወይም ስልክ በተለወጠ ቁጥር «All files access» የሚለውን ዝርዝርና የማጽጃውን ቅንብር እንደገና መመርመር ነው፤ አዲስ የመጣ ስልክ ከነማጽጃው ይመጣልና፣ በአሮጌው ስልክ የዘጉት በር በአዲሱ ላይ ክፍት ሆኖ ይጠብቅዎታል።